ጣውላ እያዘነበሉ ፍሪክሽን መለካት፦ ቁጥሩ ለምን አንድ አይሆንም?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ ድሬ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። ለፊዚክስ አሳይመንት ቁራጭ እንጨት ጣውላ ላይ አድርጌ ጣውላውን ከአንድ ጫፍ በእጄ እያነሳሁ እንጨቱ መንሸራተት ሲጀምር ከፍታውን በሜትር ለካሁ። ጣውላው 1 ሜትር ነው። 34፣ 40፣ 38፣ 45፣ 43 ሳ.ሜ መጣልኝ፣ አንዱ ካንዱ አይገናኝም። ጓደኛዬ ከፍታውን ለጣውላው ርዝመት አካፍል ይላል፣ እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ ላለው ርቀት መሰለኝ። ክብደት ለውጥ አያመጣም ስለተባልን እንጨቱ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ በሃይላንድ አቁሜ ስሞክር 31 ላይ ሄደ። እንጨቱ 8 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 4 ሳ.ሜ ከፍታ አለው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አቦ መጀመሪያ የማካፈሉን ክርክር ልጨርስላችሁ፣ ልክ አንተ ነህ። የምትፈልገው ታንጀንት ነው፣ ጓደኛህ የሚያወጣው ሳይን ነው። ለምን ታንጀንት እንደሆነ ደግሞ ብዙ ሂሳብ አይጠይቅም። ጣውላው ሲያዘነብል የእንጨቱ ክብደት ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ክፍል ጣውላውን ተከትሎ እንጨቱን ቁልቁል ይጎትተዋል እሱ mg sinθ ነው፣ ሌላው ክፍል እንጨቱን ጣውላው ላይ ይጫነዋል እሱ mg cosθ ነው። አንግሉ በጨመረ ቁጥር ጎታቹ ይጨምራል፣ የሚጫነው ግን ይቀንሳል፣ ፍሪክሽን የሚይዘው ደግሞ በተጫነው ልክ ነው። ስለዚህ በሁለት በኩል እየተሸነፈ ነው የሚሄደው። ልክ ሊለቅ ሲል ጎታቹና ፍሪክሽኑ እኩል ይሆናሉ፦

mg sinθ = μ mg cosθ
μ = tanθ = h / b

μ የምትፈልገው የፍሪክሽን ቁጥር ነው፣ h ከፍታው ነው፣ b ደግሞ ጣውላው መሬት ከነካበት መስመር እስከ ከፍታው ስር ድረስ ወለሉ ላይ ያለው ርቀት። m ከሁለቱም ወገን ስላለ ተሰረዘ፣ g ም ተሰረዘ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ብትለካውም፣ ደንገጎን ወጥተህ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ብትለካውም በግራቪቲ ምክንያት የሚለወጥ ነገር የለም። ደንገጎን ካነሳን አይቀር፣ የመንገድ ቁልቁለት በፐርሰንት ሲፃፍም ያው ይሄው የአንተ h/b ነው፣ በመቶ ተባዝቶ።

b ን ለመለካት ወለል ላይ ሜትር ይዘህ አትንበርከክ። የጣውላው ርዝመት L ይታወቃል፣ ሁሌም 100 ሳ.ሜ ነው አይቀየርም፣ ስለዚህ b = √(L² − h²) ብለህ በካልኩሌተር አውጣው። ያንተ አምስት ቁጥሮች አማካይ 40 ሳ.ሜ ነው፣ b 91.7 ይመጣል፣ μ 0.44። ጓደኛህ 0.40 ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን አንግሉ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፣ ለምሳሌ ጣውላው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈህ 60 ሳ.ሜ ላይ ቢለቅ ትክክለኛው 60 ሲካፈል ለ80 ነው 0.75፣ ጓደኛህ ግን 0.60 ብሎ ይፅፋል። እንደውም በሳይን መንገድ መልሱ መቼም ከ1 አይበልጥም፣ በእውነቱ ግን ጎማ በሻካራ ነገር ላይ ከ1 ሊበልጥ ይችላል፣ ያኔ አንግሉ ከ45 ዲግሪ ያልፋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሃይላንዷ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዛ ጋ የለካኸው ፍሪክሽን አይደለም። የውሃ ጠርሙስ መውደቂያ አንግል ነው የለካኸው።

አስበው፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታቹ 6 ሳ.ሜ አካባቢ ስፋት አለው፣ የክብደቱ መሃል ደግሞ በግምት 9 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የቆመ ነገር የሚወድቀው የክብደቱ መሃል በቀጥታ ቁልቁል ሲታይ ከእግሩ ጠርዝ ሲያልፍ ነው፣ ይሄ ማለት የታንጀንቱ ልክ የእግሩ ግማሽ ስፋት ሲካፈል ለክብደቱ መሃል ከፍታ ነው፣ 3 ለ9፣ 0.33። 18 ዲግሪ ከምናምን ማለት ነው፣ በአንተ 1 ሜትር ጣውላ ላይ ደግሞ ወደ 32 ሳ.ሜ ከፍታ። አንተ 31 ነው ያልከው! ጠርሙሷ ተንገዳግዳ ስትወድቅ ስሯን ያለውን እንጨት ገፋችው፣ አንተ ደግሞ ዓይንህ እንጨቱ ላይ ስለነበር ተንሸራተተ ብለህ ፃፍክ። ውሃው ውስጥ መዋዠቁም አለ።

ጠርሙሷን በፕላስተር እንጨቱ ላይ ባስራትስ ብትለኝ እሱም አይሰራም። እንጨትህ 200 ግራም ነው ብንል እና ውሃው 500 ግራም ከሆነ የሁለቱ የጋራ ክብደት መሃል ከጣውላው ወደ 10 ሳ.ሜ ከፍ ይላል፣ እንጨቱ በቁልቁለቱ አቅጣጫ ርዝመቱ 8 ስለሆነ ግማሹ 4 ነው፣ 4 ለ10 ማለት 0.40። ያንተ ፍሪክሽን ደግሞ በዚሁ 0.4 አካባቢ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አንዴ ይንሸራተታል አንዴ ይገለበጣል፣ ሳይገለበጥ በፊትም የፊት ጠርዙ ላይ ብቻ ተደግፎ ነው የሚቆየው፣ ያኔ የምትለካው የጠርዙን ነገር እንጂ የሙሉውን ገፅ አይደለም። ይሄንን ማወቅ ቀላል ነው፣ ሊለቅ ሲል ከጎኑ ዝቅ ብለህ እየው፣ የኋላው ጠርዝ ስር ብርሃን ከታየህ እየተገለበጠ ነው።

የክብደቱን ነገር በትክክል መሞከር ከፈለግክ ክብደቱ ዝቅ ያለ ይሁን። ሚስማር በትንሽ ፌስታል አድርገህ ጠፍጠፍ አድርገህ እንጨቱ ላይ በፕላስተር እሰረው፣ ወይ ጠፍጣፋ ብረት ፈልግ። ከእንጨቱ ጫፍ አይውጣ፣ አይወዛወዝ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አያጋድል። እንደዛ ስታደርግ አንግሉ ያው አካባቢ ሲመጣ ታያለህ።

ወደ ዋናው ነገር፣ ከ34 እስከ 45 ለምን ተበታተነ? በ μ ስትቀይረው ከ0.36 እስከ 0.50 ነው፣ ይሄ ብዙ ነው። እኔ ላብ ውስጥ ተማሪ ሳሰራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ በእጅ የተነሳ ጣውላ ሁሌም እንደዚህ ነው የሚያመጣው፣ ምክንያቱም እጅ ሁለት ተቃራኒ ስህተት ባንዴ ይሰራል። አንደኛ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ነቅነቅ ሲል ደግሞ ለተወሰነች ቅፅበት እንጨቱ ጣውላው ላይ ያለው ጫና ይቀንስና ሳይደርስ ይለቃል፣ 34 እና 38 የመጡት ከዚህ ይመስለኛል። ሁለተኛ ደግሞ እንጨቱ መንቀሳቀሱን ዓይንህ አይቶ እጅህ እስኪቆም ጊዜ ያልፋል። በሰከንድ 5 ዲግሪ እያነሳህ ከሆነና ግማሽ ሰከንድ ከዘገየህ 2 ዲግሪ ተኩል አልፈሃል፣ በከፍታ 4 ሳ.ሜ ማለት ነው። ይሄኛው ስህተት ሁሌም ወደ ላይ ነው የሚወስድህ፣ ስለዚህ መቶ ጊዜ ደግመህ አማካይ ብታወጣም አይጠፋም። 43 እና 45 እዚህ ናቸው። አማካይህ 40 መምጣቱ ራሱ ሁለቱ ስህተቶች በዕድል ስለተቻቻሉ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው እጅህን ማውጣት ነው። ብዙ ሰው መፅሐፍ ይደረድራል፣ እሱ ግን ባንዴ 2 እና 3 ሳ.ሜ ይዘላል ደግሞም መፅሐፍ ባስገባህ ቁጥር ጣውላው ይመታል። እኔ የምጠቀመው የመኪና ክሪክ ነው፣ ያ በመጠምዘዝ የሚከፈተውን። ሰፈር ውስጥ መኪና ያለው ሰው አይጠፋም፣ ለምነህ አምጣ። የጣውላውን አንድ ጫፍ እንዳይሸሽ ከግድግዳ ጋር አስደግፈው፣ ክሪኩን ከመሃል ትንሽ ወደ ላይኛው ጫፍ አለፍ አድርገህ ስሩ አስገባው፣ ከዛ ቀስ እያልክ ጠምዝዝ። መጀመሪያ ጥርሱን ዘይት ቀባው፣ ሲጮህ ንዝረቱ ጣውላው ላይ ይደርሳል። ከ30 ሳ.ሜ በላይ ሲሆን ሩብ ዙር ጠምዝዘህ አምስት ቁጠር፣ ሩብ ዙር አምስት ቁጠር፣ እንደዛ። እንጨቱ ሲለቅ ክሪኩ ባለበት ቆሟል፣ ከፍታውን ተረጋግተህ ትለካለህ፣ የመዘግየት ስህተት የሚባለው ነገር በቃ የለም።

ሌላው የምታስቀምጥበት ቦታ ነው። ጣውላ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም፣ ጉጥ አለው፣ መላጊያ ያለፈበትና ያላለፈበት አለው፣ የእንጨቱ ጭረት በርዝመቱ ሲሄድና ተሻግሮ ሲሄድ ራሱ ሌላ ነው። በቾክ አንድ ሳጥን ስራና ሁሌም እዛው ውስጥ፣ በዛው ገፅ፣ በዛው አቅጣጫ አስቀምጠው። ስታስቀምጠው አትጫነው፣ ዝም ብለህ አሳርፈው። የሚነካውን ገፅ በጣትህ አትንካ፣ በተለይ በድሬ ሙቀት እጅህ ላብ ነው፣ ላብና ቅባት የእንጨት ገፅ ላይ ሲቀር ቁጥሩን ይቀይረዋል። ከጎኑ ያዘው። በየሙከራው መሃል በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርገው ምክንያቱም አቧራው በደቂቃ ነው የሚያርፍበት፣ አቧራ ደግሞ እንደ ትንንሽ ኳስ ይሰራል። በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳትፈገፍገው፣ ያኔ አዲስ ገፅ ነው የፈጠርከው፣ የበፊቱ ልኬት ከአሁኑ ጋር አይቆጠርም። ደግሞ አንዴ አስቀምጠህ ወዲያው፣ አንዴ አስቀምጠህ ሻይ ጠጥተህ ተመልሰህ አትለካ። የተቀመጠ ነገር ጊዜ ባገኘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየያዘ ይሄዳል፣ ይሄንን ኩሎምብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ራሱ እንጨት በእንጨት ላይ አስቀምጦ ያየው ነገር ነው። ሁሌም ከተመሳሳይ ከፍታ ጀምር፣ ተመሳሳይ ጊዜ ይፍጅ።

አንዳንዴ እንጨቱ 2 ሚሊ ሜትር ሸርተት ይልና መልሶ ይቆማል። ይሄን ቁጠረው አትቁጠረው ብለው ተማሪዎቼ ሁሌ ይጨቃጨቃሉ። እኔ የምለው፣ ለቆ ሳይቆም እስከ ታች የወረደበትን ነው የምትወስደው፣ ሸርተት ብሎ የቆመበትን ለብቻ ፃፈው። በትክክል ከለቀቀ መቆም የለበትም፣ ምክንያቱም አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ያለው ፍሪክሽን ከቆመበት ያነሰ ስለሆነ አንግሉ ባይጨምርም እየፈጠነ ነው የሚወርደው። ከቆመ አንድ ሻካራ ቦታ ይዞታል ማለት ነው፣ ሁለት ሶስቴ እዛው ቦታ ላይ ከቆመ ሳጥንህን ወደ ሌላ ቦታ አዙር።

ጥያቄህን ሳነብ እውነት ለመናገር እጄን በላኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን እቤት ግቢ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ሰራነው። 1 ሜትር የተላገ ጣውላ፣ ከዛው ጣውላ የተቆረጠ ቁራጭ እንጨት፣ ክሪክ፣ ሜትር፣ ከአናጢ ጎረቤቴ የተዋስኳት ስኳድራ። ስኳድራዋ ከፍታውን ከወለሉ ቀጥ አድርጎ ለመለካት ነው፣ ሜትሩ ካጋደለ ከፍታው በዝቶ ይነበባል። አስር ጊዜ ሞከርን፦ 38.5፣ 39፣ 38፣ 39.5፣ 38.5፣ 40፣ 39፣ 38.5፣ 39.5፣ 39። ያንተ ከ34 እስከ 45 ነበር፣ የኛ ከ38 እስከ 40፣ እጅ ሲወጣ ልዩነቱን እየው። አማካዩ 38.95፣ b 92.1፣ μ 0.423 አካባቢ። አንግሉ 22.9 ዲግሪ።

እዚህ ላይ አቁሜ 0.42 ብዬ ልፅፍልህ ነበር፣ ትልቁ ልጄ ነው ያዳነኝ። አባዬ ግቢው እኮ ያጋድላል አለኝ። እውነቱን ነው፣ የግቢው ሲሚንቶ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ዘመም ተደርጎ ነው የፈሰሰው። እኛ የለካነው ጣውላው ከወለሉ ጋር የሚሰራውን አንግል ነው፣ ግራቪቲ ደግሞ ስለ ወለላችን ምንም አያውቅም። ስለዚህ ጠቅላላ ነገሩን፣ ጣውላውንም ክሪኩንም እንጨቱንም፣ ፊቱን አዙረን እንደገና አስር ጊዜ ለካን። የጣውላው ገፅ ያው፣ የእንጨቱ ገፅ ያው፣ የተቀየረው አቅጣጫው ብቻ። አማካዩ 37.2 መጣ! 21.8 ዲግሪ። ወለሉ በአንዱ አቅጣጫ የሰረቀንን በሌላው መለሰልን ማለት ነው፣ ትክክለኛው የሁለቱ መሃል ነው፣ 22.4 ዲግሪ፣ μ 0.41። የአንግሎቹ ልዩነት ግማሽ ደግሞ የወለሉ ዘመምታ ነው፣ ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ በ1 ሜትር 1 ሳ.ሜ። በኋላ ውሃ ልክ ስናስቀምጥበት አረፋው ወደ ግድግዳው በኩል ሸሽቶ አየነው።

አየህ፣ አስሩም ቁጥር ተቀራርቦ ስለመጣ ልክ ነው ብዬ ነበር፣ ግን አስሩም አንድ ላይ ተሳስተው ነበር። መበታተኑን ድግግሞሽ ያሳይሃል፣ የወለሉን ስህተት ግን ካላዞርከው መቼም አታየውም። ወለል ካስጠላህ ቱንቢ ተጠቀም፣ ፕሮትራክተር የጣውላው ጎን ላይ ለጥፈህ ከመሃሉ ክር በድንጋይ አንጠልጥል፣ ክሩ ራሱ ግራቪቲን ስለሚከተል ወለሉ ቢያጋድልም ግድ የለውም። ችግሩ በትንሽ ፕሮትራክተር ከግማሽ ዲግሪ በታች ማንበብ ከባድ ነው። በሞባይል አንግል መለኪያ አፕም ይሆናል፣ ጣውላው ላይ በፕላስተር እሰረው ግን መጀመሪያ ስልኩን አንድ ቦታ አስተኝተህ አንብብ፣ ከዛ እዛው ቦታ ላይ ፊቱን አዙረህ አንብብ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ስልኩ ራሱ ዜሮው ላይ የለም።

በዚህ አንግል አካባቢ የ1 ዲግሪ ስህተት በ μ ላይ 0.02 ነው የሚያመጣው፣ ይሄን ያዝ። ስለዚህ 0.4118 ብለህ አራት ቁጥር ደርድረህ እንዳትፅፍ፣ እኛ ራሱ በዛ ሁሉ ጥንቃቄ የምንለው 0.41 ፕላስ ማይነስ 0.01 ነው። መፅሐፍ ላይ እንጨት በእንጨት ከ0.25 እስከ 0.5 ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የሚፃፈውም ምን እንጨት፣ ምን ያህል የተላገ፣ ምን ያህል የደረቀ የሚለው ሁሉ ስለሚቀያይረው ነው። ያንተ ከኔ ካልገጠመ አትደንግጥ፣ የኔን ጣውላ አይደለም የምትለካው።

የሚንሸራተተውን ፍሪክሽን፣ ካይነቲክ የሚሉትን፣ ጨምረህ ማስገባት ካማረህ በዛው እቃ ይወጣል። ጣውላውን ከሚለቅበት ዝቅ አድርገህ እንጨቱን በጣትህ ቀስ ብለህ ነካ አድርገው፣ ነክተኸው ከቆመ ትንሽ አንሳ፣ ነክተኸው እየፈጠነ ከሄደ ትንሽ አውርድ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ እኩል የሚወርድበትን ስታገኝ h/b አሁንም መልስህ ነው። እኛ ጋ 31 ሳ.ሜ አካባቢ ነበር፣ 0.33 ገደማ፣ ግን እኩል ወረደ አልወረደ በዓይን መፍረድ ከባድ ስለሆነ ከ30 እስከ 32 ያለውን ሁሉ እኩል ነው ብለን ነበር።

ሪፖርትህ ላይ እነዛን አምስት ቁጥሮች አትሰርዛቸው፣ "በእጅ" ብለህ ፃፋቸውና የክሪኩን ከጎናቸው ደርድር። የሃይላንዷን 31 ደግሞ ለብቻ አውጥተህ የሷን 3 ለ9 ሂሳብ ስራበት። ክሪክ ካጣህ ከላይኛው ጫፍ ገመድ አስረህ በበር እጀታ ላይ አሳልፈህ ቀስ እያልክ መሳብም ይሆናል፣ ብቻ አንድ ሰው ይሳብ፣ ሌላ ሰው እንጨቱን ይይ።